ኳሷ ወገብ ላይ ናት ወይስ ትከሻ ላይ? የፎርሃንድ አያያዝ ለደጋ ተጫዋች

የሜዳ ቴኒስ የሚለማመድ ሰው ፎርሃንድ መምታት ሲጀምር ብዙም ሳይቆይ «ኢስተርን ግሪፕ ይሻላል ወይስ ዌስተርን?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ መልክ ለቀረበ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የለም። መልስ የሚገኘው «እኔ በምጫወትበት ሜዳ፣ እኔ በማገኘው ኳስ፣ ኳሷ ነጥራ ስትመጣ ሰውነቴ ላይ የት ትደርሳለች?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ኢስተርን ወገብ አካባቢ ለምትመጣ ኳስ የተመቸ አያያዝ ነው። ዌስተርን ደግሞ ደረትና ትከሻ ላይ ለምትደርስ ኳስ ይመቻል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰሚ ዌስተርን ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ይወስዳል።

ይህን የምጽፈው በፈረስ ቤት፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች በተደለደለ መሬት ወይም በትምህርት ቤት ግቢ መረብ ዘርግተው ለሚለማመዱ ሰዎች ነው። ስለ አያያዝ በቪዲዮም በመጽሐፍም የሚገኘው ምክር አብዛኛው ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆኑ ከተሞች፣ አዲስ ኳስ እንደ ልብ በሚከፈትበት ሜዳ የተዘጋጀ ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ፈረስ ቤት ደግሞ የደጋ ዳሞት ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷም በአየር ላይ ስትሄድም ሆነ ስትነጥር ጠባይዋ ይለወጣል። በዚያ ላይ አዲስ ኳስ በቀላሉ ስለማይገኝ አንዷ ኳስ ወራት ታገለግላለች። ሁለቱ ነገሮች የኳሷን ቁመት በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትቱታል። ስለዚህ ራኬቱን ከመጨበጥዎ በፊት አንድ ሥራ አለ።

ኳሷን ይለኩ

በተለመደችው የቴኒስ ኳስ ውስጥ የታመቀ አየር አለ። የምትነጥረው በጎማዋም በዚህ አየርም ጉልበት ነው። 2,000 ሜትር ላይ የውጪው አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የውስጡ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ከጣሳዋ ገና የወጣች ኳስ እዚህ ደጋ ላይ ይበልጥ ትወጠራለች፣ ጠንከር ትላለች፣ ከፍ ብላም ትነጥራለች። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ይህን ስለሚያውቅ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የተለየ የኳስ ዓይነት በደንቡ አስቀምጧል። የተለመደችው ኳስ ከ254 ሳንቲ ሜትር ተለቅቃ ጠንካራ ወለል ስትመታ ከ135 እስከ 147 ሳንቲ ሜትር እንድትነጥር ይፈለጋል። ለከፍታ ቦታ የተሠራችው ግን ከ122 እስከ 135 ሳንቲ ሜትር ብቻ።

ይህንን ፈተና ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። የሲሚንቶ ወለል ያለበት አንድ ግድግዳ ይፈልጉና በጠመኔ ከወለሉ 254፣ 147፣ 135 እና 122 ሳንቲ ሜትር ላይ መስመር ያስምሩ። አንድ ሰው ወንበር ላይ ቆሞ የኳሷን ሆድ ከላይኛው መስመር ጋር አስተካክሎ ሳይገፋ ይልቀቃት። እርስዎ ዓይንዎን ከታችኞቹ መስመሮች ጋር ትይዩ አድርገው ይመልከቱ፤ ስልክ ካለዎት ቀርጸው ቀስ አድርገው ቢያዩት የበለጠ ይታመናል። አዲስ የተለመደ ኳስ ከሆነች ከ147 በላይ ብትዘል አይደነቁ፤ ምክንያቱ የቦታው ከፍታ ነው። ለወራት የተመታች አሮጌ ኳስ ደግሞ አየሩ በጎማዋ ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ 122 ላይም ላትደርስ ትችላለች። ያሉዎትን ኳሶች በዚህ መንገድ ለሁለት ይክፈሏቸው፤ የሚነጥሩትን በአንድ ከረጢት፣ የዛሉትን በሌላ። አንድ ላይ ቀላቅሎ መለማመድ አያያዝን ከሚያበላሹ ነገሮች ዋነኛው ይመስለኛል። እጅ ለአንዷ ቁመት ሲለምድ ቀጣይዋ በሌላ ቁመት ትመጣበታለች።

ሁለተኛው ልኬት በሰውነት የሚደረግ ነው። ከጀርባ መስመሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቁሙና ጓደኛዎ ከመረቡ ማዶ እንደ ወትሮው እየመታ ሃያ ያህል ኳስ ይላክልዎ። ራኬት አይያዙ። እያንዳንዷን ኳስ አንዴ ነጥራ ከፍታዋ ጫፍ ላይ ስትደርስ በእጅዎ ይቅለቡና የት እንደያዟት ያስተውሉ፦ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት ወይስ ትከሻ? አብዛኞቹ ያረፉበት ቦታ የእርስዎ ቁመት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

የእጀታውን ጎኖች ይቁጠሩ

የራኬት እጀታ ክብ አይደለም፤ ስምንት ጎን አለው። በግራ እጅዎ የራኬቱን አንገት ይያዙና ጅማቱ የተወጠረበት ፊት ወደ ግራና ቀኝ እንዲያይ፣ የራኬቱ ቀጭን ጠርዝ ወደ ሰማይ እንዲቆም ያድርጉት። የእጀታው ጫፍ ወደ እርስዎ ይዙር። አሁን ከላይ ያለው ጠፍጣፋ ጎን አንደኛ ነው። ከእሱ ወደ ቀኝ እየወረዱ ይቁጠሩ፦ ሁለተኛው በስተቀኝ ከላይ ገደድ ያለው፣ ሦስተኛው በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ የቆመው፣ አራተኛው በስተቀኝ ከታች ገደድ ያለው፣ አምስተኛው ደግሞ መሬቱን የሚያየው ነው። ግራኝ ከሆኑ ከአንደኛው ወደ ግራ ይቁጠሩ፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

ምልክት የሚሆንዎ ከእጅዎ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ የሌባ ጣትዎ ከመዳፍ ጋር የሚገናኝበት የመነሻ አንጓ። ይህ አንጓ ከውስጥ በኩል ሁለተኛው ጎን ላይ ካረፈ አያያዙ ኮንቲኔንታል ይባላል፤ ለሰርቭና መረብ ሥር ለሚመታ ኳስ የሚሆነው እሱ ነው። ሦስተኛው ላይ ካረፈ ኢስተርን፣ አራተኛው ላይ ሰሚ ዌስተርን፣ አምስተኛው ላይ ዌስተርን ነው። ስም ከማስታወስ ይልቅ ጎኑን በጣት እየዳሰሱ ማወቁ ይጠቅማል። ዓይን ጨፍነው ሦስተኛውንና አራተኛውን ጎን መለየት እስኪችሉ ድረስ ይለማመዱ፤ በጨዋታ መካከል እጀታውን የማየት ጊዜ የለም።

ኢስተርንን ለማግኘት ሌላም ቀላል መንገድ አለ። የቀኝ መዳፍዎን ጅማቱ ላይ ይለጥፉና ሳያነሱ በአንገቱ በኩል እያንሸራተቱ እስከ እጀታው ይውረዱ፤ እዚያ ሲደርሱ ጣቶችዎን ይጠቅልሉ። መዳፍዎና የራኬቱ ፊት አሁን ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ከዚያ ተነስተው እጅዎን አንድ ጎን ወደ ታች ቢያዞሩት ሰሚ ዌስተርን፣ ሁለት ጎን ቢያዞሩት ዌስተርን ይሆናል። በዌስተርን መዳፉ ከእጀታው ሥር ገብቶ ራኬቱን ከታች የሚደግፍ ይመስላል።

እጀታው ሲጨበጥ በጣቶች ጫፍና በመዳፍ መካከል የሌላኛው እጅ ሌባ ጣት የምትገባበት ክፍተት ይኑር። ክፍተቱ ከዚያ ከሰፋ እጀታው ወፍራም ነው ማለት ነው፤ ወፍራም እጀታ ከጎን ወደ ጎን ለመዞር ያስቸግራል።

የግድግዳው ፈተና

ቁመት አያያዝን የሚወስነው ለምን እንደሆነ በቃል ከመስማት በክንድ መረዳት ይሻላል። ከግድግዳ ወይም ከጠንካራ አጥር ፊት እንደ ፎርሃንድ መቺ ጎንዎን ሰጥተው ይቁሙ። ኢስተርን ይያዙና የራኬቱን ፊት በወገብ ቁመት ግድግዳው ላይ ሙሉ በሙሉ ለጥፈው ገፋ ያድርጉ። የእጅ አንጓዎ ቀጥ ያለ፣ ክንድዎም ከግድግዳው ጋር እኩል የሚገፋ ሆኖ ይሰማዎታል። አሁን ራኬቱን ወደ ትከሻ ቁመት ይውሰዱትና በዚያው አያያዝ እንደገና ይግፉ። ክርን ይነሳል፣ አንጓ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ጉልበትም ይጠፋል። የራኬቱ ፊትም ወደ ሰማይ ለመከፈት ይፈልጋል።

ቀጥለው ዌስተርን ይያዙና ተመሳሳዩን ይሥሩ። ትከሻ ቁመት ላይ፣ ከሰውነትዎ ፊት ለፊት ራቅ ባለ ቦታ፣ ራኬቱ ያለ ትግል ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ግፊቱም ጠንካራ ነው። ወደ ጉልበት ሲወርዱ ግን ፊቱ መሬት መሬት ያያል። ቀጥ ለማድረግ አንጓውን በግድ መጠምዘዝ ወይም ጉልበትን በጣም አጥፎ ቁጢጥ ማለት ይጠይቃል። መሬት መሬት በሚያይ ራኬት የተመታች ዝቅተኛ ኳስ የምትሄደው መረቡ ውስጥ ነው።

የምክንያቱ ሁሉ መሠረት ይኸው ነው። ኳስና ጅማት በሚነካኩባት ቅጽበት የራኬቱ ፊት ቀጥ ብሎ ሊቆም ይገባዋል። መዳፉ ከእጀታው ጀርባ ሲሆን ፊቱ በወገብ ቁመት፣ ከፊተኛው እግር አንድ ስንዝር ያህል ቀደም ብሎ ቀጥ ይላል። መዳፉ ከእጀታው ሥር ሲሆን ደግሞ ቀጥ የሚለው ከዚያ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ይበልጥ ርቆ ነው። ስለዚህ ዌስተርን የሚይዝ ሰው ኳሷን ቀደም ብሎ መገናኘት አለበት፤ ለጥቂት ቢዘገይ ፊቱ ገና አልቆመም። ኢስተርን ለዘገየ ሰው ይቅርታ ያደርጋል፤ ለከፍተኛ ኳስ ግን አያደርግም።

ስለ ሽክርክሪት

ብዙ ሰው ቶፕስፒን፣ ማለትም ኳሷ ወደ ፊት እየተንከባለለች የምትሄድበት ሽክርክሪት፣ ከአያያዙ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። የሚመጣው ራኬቱ ከኳሷ በታች ተነስቶ፣ ፊቱ ቀጥ እንዳለ ወደ ላይ ሲጠርጋት ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው ምጣዱን በማሰሻ ጠረግ እንደሚያደርግ ሁሉ ጅማቱ የኳሷን ጀርባ ዳብሶ ያልፋል። አያያዙ የሚያደርገው ይህ ጥረጋ ምን ያህል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሊሄድ እንደሚችል መወሰን ነው። በኢስተርን ክንድ በተፈጥሮ ወደ ፊት መሄድ ስለሚቀናው ኳሷ ፈጣን፣ ዝቅ ያለች፣ መጠነኛ ሽክርክሪት ያላት ትሆናለች። በዌስተርን ግን እጅ ከሥር ስለሆነ ወደ ላይ መጥረግ ይቀናዋል፤ ሽክርክሪቱ ይበዛል፣ የፊት ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ልዩነቱ በቁጥር ታይቷል። ጆን ያንደል የተባለ አሜሪካዊ አሠልጣኝ በፈጣን ካሜራ እየቀረጸ የታላላቅ ተጫዋቾችን ፎርሃንድ ሽክርክሪት ቆጥሮ ነበር። ፒት ሳምፕራስና አንድሬ አጋሲ በደቂቃ 1,800 እና 1,900 ዙር አካባቢ፣ ወደ ኢስተርን የሚያደላው ሮጀር ፌደረር 2,700 ገደማ፣ በሰሚ ዌስተርን የሚመታው ራፋኤል ናዳል ደግሞ በአማካይ 3,200 ዙር ሆነው ተገኙ። ልብ ይበሉ፤ አጋሲ ከፌደረር ይልቅ ወደ ዌስተርን ያደላ ነበር፣ ሽክርክሪቱ ግን ያንሳል። አያያዝ ብቻውን ሽክርክሪት እንደማይሰጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የጥረጋው ፍጥነትና አቅጣጫ፣ የጅማቱም ዓይነት ሥራቸውን ይሠራሉ።

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። ሽክርክሪት ኳስን ወደ መሬት የሚያወርዳት አየሩን እየገፋች ስለምትሄድ ነው። በ2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ኳስን የሚያዘገየው ግጭትም፣ ሽክርክሪት የሚፈጥረው የወደ ታች ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳሉ። አንድ ምሳሌ ላስላ። ኳስ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በደቂቃ 2,400 ዙር እየተሽከረከረች፣ ከ1 ሜትር ቁመት 12 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ተመትታ ትነሳ። በባሕር ጠለል ላይ 19 ሜትር ገደማ ተጉዛ ታርፋለች። በፍኖተ ሰላም ከፍታ ደግሞ ያችው ኳስ ከአንድ ሜትር በላይ አልፋ ነው የምትወድቀው። ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ 23.77 ሜትር ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ከመስመሩ ውስጥ ግማሽ ሜትር የምትቀር ኳስ እዚህ ውጪ ናት።

ከዚህም በሚበልጥ ከፍታ በባለሙያዎች ደረጃ ውድድር ተደርጓል። ከ2015 እስከ 2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢኳዶሯ ኪቶ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሸክላ ሜዳ የወንዶች ውድድር ይካሄድ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በተከታታይ ያሸነፈው የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ቪክቶር ኤስትሬያ ቡርጎስ ነው። በዓለም ደረጃ ከታላላቆቹ ተርታ የማይቆጠር ሰው በስስ አየር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲያሸንፍ፣ ይህ ከፍታ ራሱን የቻለ ጨዋታ እንደሚጠይቅ ያሳያል።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ሁላችንም ዌስተርን እንያዝ» ማለት ያጓጓል። እኔ እንደዚያ አልመክርም። ምክንያቱን በሚቀጥለው ምሳሌ ያዩታል።

አንድ ሜዳ፣ ሁለት ከረጢት ኳስ

ቁመትዎ 1 ሜትር ከ70 ነው እንበል። ጉልበትዎ ከመሬት 47 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እምብርትዎ 1 ሜትር፣ ትከሻዎ 1 ሜትር ከ40 ላይ ናቸው። ሜዳዎ ፍኖተ ሰላም ላይ በተደለደለ ቀይ አፈር የተሠራ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌዎቹን ኳሶች ይዘው ወጡ። በጠመኔ መስመሮቹ ሲለኩ 115 አካባቢ የነጠሩ ናቸው። ሃያዎቹን ኳሶች ሲቀልቡ አብዛኞቹን ከጉልበት በላይና ከወገብ በታች ያዙ። እዚህ ላይ ጥርጥር የለም፦ ኢስተርን። መዳፉን ሦስተኛው ጎን ላይ ያድርጉ፣ ጉልበትዎን ያጥፉ፣ ራኬቱ ከኳሷ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይጀምርና በተቃራኒው ትከሻ ላይ ይጨርስ። ዒላማዎ ከመረቡ ግማሽ ሜትር በላይ ይሁን። የመረቡ መካከል 91 ሳንቲ ሜትር፣ ዳሩ 1 ሜትር ከ7 ነው፤ ስለዚህ በመካከል በኩል ይላኩ። በዚህች ኳስ ዌስተርን ይዘው ቢመቱ ብዙው መረብ ይመታል፤ የተቀረውም ግማሽ ሜዳ ላይ ደክሞ ይወድቃል። ኳሷ ዝላ ስለሆነ ከፍ ያለ ሽክርክሪት ቢሰጧት እንኳ ማዶ ስትደርስ አትዘልም፤ ድካሙ በከንቱ ነው።

እሑድ ዘመድ ከአዲስ አበባ አንድ ጣሳ አዲስ ኳስ ይዞልዎ መጣ። ግድግዳው ላይ ከ147 አልፋ ነጠረች። ያው ጓደኛዎ፣ ያው አመታት፣ ያው አፈር፤ ኳሷ ግን አሁን በደረትና በትከሻ መካከል ትመጣለች። በትናንቱ ኢስተርን ቢመቷት የራኬቱ ፊት ይከፈትና ኳሷ ከጀርባ መስመሩ አልፋ ትሄዳለች፤ ስሱ አየር ደግሞ ይጨምርበታል። ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው ወደ ፊት ገብቶ ኳሷን ገና ወደ ላይ እየወጣች ሳለ ወገብ ላይ መገናኘት ነው። ለጀማሪ ይከብዳል፤ በተለይ አፈሩ እኩል ካልሆነና ጠጠር ካለበት አልመክረውም። ሁለተኛው እጅን አንድ ጎን ብቻ ማዞር፣ ማለትም አራተኛው ጎን ላይ ሰሚ ዌስተርን መያዝ ነው። ከዚያ ኳሷን ከፊተኛው እግር ሁለት ስንዝር ቀድመው ይገናኙ፣ ዒላማዎን ከመረቡ አንድ ሜትር በላይ ከፍ ያድርጉ፣ ራኬቱን ወደ ፊት ከመግፋት ይልቅ ወደ ላይ ይጥረጉ። ከመረቡ ከፍ ብላ የምታልፍና ወዲያው የምትጠልቅ ኳስ ካገኙ አያያዙም ጥረጋውም ተገናኝተዋል።

እስከ አምስተኛው ጎን ለምን አልወሰድዎትም? የእርስዎ ከረጢት ሁለት ስለሆነ ነው። ከኢስተርን ወደ ሰሚ ዌስተርን አንድ ጎን ነው፤ እጅ በአጭር ጊዜ ይለምደዋል። ዌስተርንን ዋና አያያዝ ያደረገ ሰው ግን የዛሉ ኳሶች ሲመጡ ሁለት ጎን ወደ ኋላ መመለስ ይኖርበታል፤ የኳስ መገናኛው ቦታ፣ የእግር አቋሙ፣ ሁሉም አብሮ ይለወጣል። ሁልጊዜ አዲስ ኳስ የሚያገኝ ተጫዋች ይህ ችግር የለበትም።

የአሜሪካ ቴኒስ ታሪክ ይህንኑ ጉዳይ በሁለት ሰዎች ያሳየናል። ሳን ፍራንሲስኮ ያደገው ቢል ጆንስተን ኳስ ከፍ ብላ በምትነጥርበት የካሊፎርኒያ ጠንካራ ሜዳ የተማረውን ዌስተርን ፎርሃንድ ይዞ በ1915 እና በ1919 የአሜሪካን ሻምፒዮና፣ በ1923 ዊምብልደንን አሸንፏል። አጭር ሰው ነበር፤ ትከሻው ላይ የደረሰችን ኳስ ግን ወደ ታች ይመታት ነበር። ኢስተርን የሚይዘው ቢል ቲልደን በ1919 ፍጻሜ በእሱ ቢሸነፍም፣ ከ1920 እስከ 1925 ስድስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሲሆን በአምስቱ ፍጻሜዎች ያሸነፈው ጆንስተንን ነው። የቲልደን ብልጫ ብዙ ነበር፤ ሁሉንም ለአያያዝ መስጠት ስህተት ይሆናል። ሆኖም ቲልደን ኳስን ዝቅ አድርጎ መላክ ያውቅ ነበር፤ ዝቅተኛ ኳስ ደግሞ ዌስተርን የሚይዝ ሰው የማይወደው ነው።

ስህተትን ከኳሷ ማንበብ

ኳሶችዎ በተደጋጋሚ ወደ መረብ ከገቡ መጀመሪያ የመቱበትን ቁመት ይዩ። ከወገብ በታች ሆነው የሌባ ጣት አንጓዎ አምስተኛው ወይም አራተኛው ጎን ላይ ከሆነ አያያዙ ነው፤ አንድ ጎን ይመልሱት። ወገብ ላይ በኢስተርን እየመቱ መረብ ከገባ ግን አያያዙን አይንኩ፤ ራኬቱ ከኳሷ በታች አልጀመረም ማለት ነው። ኳሶችዎ በርዝመት የሚወጡ ከሆነና ደረት ላይ የሚመቷቸው ከሆኑ ወደ አራተኛው ጎን ይሂዱ። ከፍ ብለው ሳይሆን ወደ ጎን የሚወጡ ከሆነ ችግሩ መዘግየት ወይም መቸኮል ነው፤ አያያዝ አይፈታውም።

ሽክርክሪት መኖሩን ለማወቅ ኳሷን ዙሪያዋን በወፍራም ማርከር መስመር ያስምሩባት። በቶፕስፒን ስትሄድ መስመሩ ወደ ፊት ሲንከባለል ይታያል። ወደ ጎን እያዘመመ ከዞረ ኳሷን ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ዙሪያዋን እየጠረጉ ነው። ሌላው ምልክት ድምፅ ነው፦ ጠፍጣፋ የተመታች ኳስ ጠንከር ያለ አንድ ድምፅ ታሰማለች፣ በደንብ የተጠረገችው ደግሞ ለስላሳና ሸርተት ያለ።

ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሌላ ስህተት እጅ ሳይታወቅ ከሰርቭ በኋላ ሁለተኛው ጎን ላይ መቅረቱ ነው። ሰርቩን በኮንቲኔንታል ከመቱ በኋላ ፎርሃንድ ሲመጣ በዚያው ይመቱታል፤ ፊቱ ይከፈታል፣ ኳሷም ወደ ሰማይ ትወጣለች። መድኃኒቱ የግራ እጅ ነው። በሁለት ምት መካከል ሁልጊዜ የግራ እጅዎ የራኬቱን አንገት ይያዝ፤ ራኬቱን የሚያዞረው እሱ ይሁን፤ የቀኙ እጅ ላላ ብሎ ይጠብቅና ጎኑ ሲደርስ ይጨብጥ። ቀኝ እጅ ራሱ እጀታው ላይ ለመዞር ከሞከረ ሁልጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ለልጆች

የሰውነት ማጎልመሻና ስፖርት መምህራን ይህን ክፍል በተለይ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ለእርስዎ ደረት ላይ የምትደርስ ኳስ ለአሥር ዓመት ልጅ ከትከሻው በላይ ናት። ልጁ ማንም ሳያስተምረው እጁን ከእጀታው ሥር አስገብቶ ዌስተርን፣ አንዳንዴም ከዚያ ያለፈ አያያዝ ይይዛል፤ ኳሷን ሊያገኛት የሚችለው በዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። ሲያድግ ኳሷ ወደ ወገቡ ትወርዳለች፣ እጁ ግን እዚያው ይቀራል። ለልጆች የሚሠሩት ባለ ቀይ፣ ባለ ብርቱካንማና ባለ አረንጓዴ ምልክት ኳሶች ቀርፋፋና ዝቅ ብለው የሚነጥሩ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ከረጢቱ ውስጥ ያሉት የዛሉ አሮጌ ኳሶች ለልጅ ከአዲስ ኳስ ይሻላሉ፤ ወገቡ ላይ ይመጡለታልና ሦስተኛውን ጎን ይዞ መማር ይችላል። አዲሶቹን ለትልልቆቹ ያቆዩአቸው።

አያያዝ ሲቀይሩ የእጅ አንጓዎን ያዳምጡ። ከኢስተርን ወደ ሰሚ ዌስተርን ወይም ወደ ዌስተርን የሄደ ሰው ሕመም ሲሰማው ብዙውን ጊዜ በትንሿ ጣት በኩል ባለው የአንጓ ጎን ነው፤ ኢስተርን ያዡ ደግሞ በአውራ ጣት በኩል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአዲሱ አያያዝ የሚመቱት ከጠቅላላው ልምምድ ሲሶው ብቻ ይሁን፤ ቀሪውን በለመዱት ይምቱ። ሕመሙ ራኬት ካስቀመጡ በኋላ በማግሥቱም ካለ፣ ወይም የውኃ ጀሪካን ሲያነሱ ከወጋዎት፣ ወደ ቀድሞው ጎን ይመለሱና እስኪሽር ድረስ ከፍተኛ ኳሶችን አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽተው፣ ወደ ወገብዎ ሲወርዱ ይምቷቸው።